በንዴት የተጻፈ የመጨረሻ የክፍያ ማስጠንቀቂያ፦ የትኛው ዐረፍተ ነገር ይውጣ? የትኛው በምን ይተካ?

ከዚህ በታች ያለው ደብዳቤ ገና ያልተላከ ረቂቅ ነው። የጻፈው የአንድ አነስተኛ ማተሚያ ድርጅት ባለቤት ነው እንበል። የሚጽፈውም 600 የሥልጠና መጻሕፍት አሳትሞ ቀሪውን ሂሳብ ላልከፈለ ማሠልጠኛ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው።

> «በትዕግሥታችን ስትጫወቱ ከረማችሁ። ሥራችንን ወስዳችሁ ገንዘባችንን መከልከል ሌብነት ነው። ከሁለት ወር በላይ በውሸት ቀጠሮ አመላለሳችሁን። ገንዘባችንን በአስቸኳይ ካልከፈላችሁ ለፖሊስ እናመለክታለን፤ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆናችሁም ደንበኞቻችሁ ሁሉ እንዲያውቁ እናደርጋለን። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ 5 በመቶ ቅጣት ይታሰብባችኋል። አንተም በግልህ ከተጠያቂነት አታመልጥም። ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያችን ነው።»

ሰባት ዐረፍተ ነገር ነው። በሰባቱም ውስጥ የሚፈለገው ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ ለየትኛው ሥራ እንደሚከፈል፣ እስከ መቼና በየትኛው ሂሳብ እንደሚገባ አልተጻፈም። ደብዳቤው የደረሰው ሂሳብ ሠራተኛ ዛሬውኑ ልክፈል ቢል እንኳ ሊከፍል አይችልም። በንዴት በተጻፉ የክፍያ ደብዳቤዎች ላይ ደጋግሜ የማየው ጉድለት ይህ ነው፤ ቁጣው ቦታውን ስለሚሞላው ጥያቄው ይረሳል።

የዚህ ጉዳይ ዝርዝር እንዲህ ነው። የሥራው ጠቅላላ ዋጋ 120,000 ሲሆን 36,000 በቅድሚያ ተከፍሏል፤ ቀሪው 84,000 ነው። መጻሕፍቱ ጥር 10 ተረክበዋል። ውሉ ቀሪው ክፍያ ከርክክብ በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ስለሚል የመክፈያው ቀን የካቲት 10 ነበር። ገዢው 20 መጻሕፍት የጥረዛ ጉድለት አለባቸው ብሎ በስልክ ተናግሮ ጥር 24 ተለውጠውለታል። መጋቢት 3 በኢሜይል «እስከ መጋቢት 20 እንከፍላለን» ብሎ ጽፏል፤ አልከፈለም። ዛሬ ሚያዝያ 15 ነው፤ ክፍያው 65 ቀናት ዘግይቷል።

## መጀመሪያ የሚመረጠው መንገድ

ይህን ረቂቅ የያዘ ሰው ሦስት አማራጭ አለው። የመጀመሪያው ወደ ልመና ማለዘብ ነው፤ «እንደምን ሰነበታችሁ፣ ክፍያውን ብታስታውሱልን ደስ ይለናል» የሚለው ዓይነት። ለመጀመሪያ ማስታወሻ ጥሩ ነው፤ ክፍያው በሳምንት ሲዘገይ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። በ65ኛው ቀን ግን፣ ቃል ገብቶ ላጠፈ ባለዕዳ፣ ሌላ ጊዜ ከመስጠት ያለፈ ትርጉም የለውም። ሁለተኛው ደብዳቤውን ራስ አርሞ ጥብቅና ጥንቁቅ በሆነ ቃል መላክ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ብዕሩን ለጠበቃ ማስረከብ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ለመምረጥ እኔ የገንዘቡን ትልቅነት አላስቀድምም። የምጠይቀው ባለዕዳው ዕዳውን ያምናል ወይስ ይክዳል ብዬ ነው። እዚህ ጉዳይ ላይ የመጋቢት 3ቱ ኢሜይል አለ፤ ገዢው በጽሑፍ እንደሚከፍል ተናግሯል። ስለዚህ የቀረው ማስከፈል እንጂ ማሳመን አይደለም፤ በደንብ የተጻፈ የራስ ደብዳቤ ይበቃል። ገዢው «ሥራው እንደ ውሉ አልተሠራም» ብሎ በጽሑፍ ተከራክሮ ቢሆን፣ ወይም ድርጅቱ ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ቢኖር፣ ወይም ዕዳው ብዙ ዓመት ቆይቶ ይርጋ፣ ማለትም ሕግ ለመክሰስ የወሰነው ጊዜ ማለፉ፣ የሚያሠጋ ቢሆን ግን የራስን ደብዳቤ አልመክርም። በተለይ ይርጋን በተመለከተ ተራ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በብዙ አገሮች ሕግ ቆጠራውን አያቋርጥም። ሰው «ደብዳቤ ጽፌያለሁ» ብሎ ተማምኖ ሲጠብቅ መብቱ ሊያመልጠው ይችላል።

## ክሱን ወደ ድርጊት መመለስ

«ሌብነት ነው» የሚለውን እንመልከት። ሦስት መተኪያዎች አሉት። «ይህ ተገቢ ያልሆነ ተግባር ነው» ማለት አንዱ ነው፤ ስድቡን ያለዝባል እንጂ አሁንም ፍርድ ነው፣ መረጃም የለውም። «ሆን ብላችሁ አልከፈላችሁም» ማለት ሁለተኛው ነው፤ ይህ ደግሞ የሰውን ሐሳብ የሚያውቅ ያስመስላል፤ ሆን ተብሎ መሆኑን ማን ያስረዳል? ሦስተኛው «የካቲት 10 መከፈል የነበረበት 84,000 እስከ ዛሬ አልተከፈለም» የሚለው ነው። እኔ ያለ ማመንታት የምመርጠው ይህን ነው። ባለዕዳው ሊከራከረው የሚችለው ቃል የለበትም፤ የባንክ መግለጫ የሚያረጋግጠው ብቻ ነው።

ውል አለማክበርና ወንጀል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዕዳ ያልከፈለን ድርጅት ሌባ ብሎ መጻፍ፣ ደብዳቤው ለሌላ ሰው ከደረሰ፣ ገንዘብ ጠያቂውን የስም ማጥፋት ተከሳሽ ሊያደርገው ይችላል። ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ በአንድ ሰው እጅ አይቀርም፤ ጸሐፊ ይከፍተዋል፣ መዝገብ ቤት ይመዘግበዋል፣ ሂሳብ ክፍል ያነበዋል።

«በውሸት ቀጠሮ አመላለሳችሁን» የሚለው ውስጥ ግን ሊጣል የማይገባ ወርቅ አለ። ጸሐፊው በንዴት «ውሸት» ያለው የመጋቢት 3ቱን ኢሜይል ነው። ያ ኢሜይል ዕዳውን የሚያምን ጽሑፍ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ ጠቃሚው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ «መጋቢት 3 በላካችሁልን ኢሜይል ክፍያውን እስከ መጋቢት 20 እንደምትፈጽሙ ገልጻችሁልን ነበር» ተብሎ ይጻፋል። ቃሉ ሲጠቀስ መታጠፉ በራሱ ይታያል፤ ውሸት ብሎ መጨመር የሚያዳክመው ብቻ ነው። ረቂቅ ሳርም ይህን ዘዴ እከተላለሁ፤ ቁጣ ያለበትን ዐረፍተ ነገር ሁሉ በውስጡ ቀን፣ ቁጥር ወይም ሰነድ ተደብቆ እንደሆነ እመረምራለሁ። ካለ አወጣዋለሁ። ከሌለ፣ እንደ «በትዕግሥታችን ስትጫወቱ ከረማችሁ»፣ ሙሉውን እሰርዘዋለሁ።

ቋንቋችን ንዴትን በግስ ብቻ ሳይሆን በተውላጠ ስምም ያሳብቃል። ረቂቁ «እናንተ» ሲል ቆይቶ መጨረሻ ላይ «አንተም በግልህ» ይላል። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ተደራርቧል። አንዱ የአክብሮት ነው፤ የንግድ ደብዳቤ ከ«እርስዎ» ወይም ከ«ድርጅታችሁ» ወደ «አንተ» ከወረደ ለሥራ አስኪያጁ መልስ ላለመስጠት ምክንያት ይሆነዋል። ሁለተኛው የሕግ ነው። የተዋዋለው ድርጅቱ ከሆነ ባለዕዳው ድርጅቱ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ በግሉ ዋስ ካልሆነ ወይም ሕግ በግልጽ ካላስጠየቀው በቀር በግል ማስፈራራቱ መሠረት የለውም። ዐረፍተ ነገሩ ይውጣ።

## ያልተነሣውን ቅሬታ ማንሣት

ስለ 20ዎቹ መጻሕፍት ረቂቁ ምንም አይልም። የተቆጣ ሰው የሌላውን ቅሬታ ማንሣት ለተቃራኒ ወገን መሣሪያ ማቀበል ይመስለዋል። ዝም ማለትና ማንሣት ሲነጻጸሩ ግን ማንሣት ይሻላል። ዝም ካልን የገዢው መልስ «ጉድለት ያለበት ሥራ ነው ያስረከባችሁን» ብሎ ይጀምራል፤ እኛም ወደ ማስረዳት እንገባለን። ካነሣን ግን በሩን ራሳችን እንዘጋዋለን።

አነሣሡ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ አለ። «ጉድለቱን አምነን አስተካክለናል» ብንል ጥፋተኝነትን በራሳችን ፊርማ አጸናን ማለት ነው። «ያቀረባችሁትን ቅሬታ ተከትሎ 20 መጻሕፍት ጥር 24 ተለውጠው ተረክባችኋል፤ ከዚያ በኋላ በጽሑፍ የደረሰን ሌላ ቅሬታ የለም» የሚለው የሆነውን ብቻ ይናገራል። ገዢው ርክክቡ የተጠናቀቀው ጥር 24 ነው ብሎ 30 ቀኑን ከዚያ ቢቆጥርስ? ያኔም የመክፈያው ቀን የካቲት 24 ይሆናል፤ እርሱም ካለፈ ከሃምሳ ቀናት በላይ ሆኖታል። ይህን በአንድ ሐረግ መጨመር ክርክሩን ገና ሳይወለድ ይዘጋዋል።

## ከባዱ ምርጫ፦ ካልከፈሉ ምን እናደርጋለን?

ፖሊስና ደንበኞች የተጠሩበት ዐረፍተ ነገር ለባለ ገንዘቡ እጅግ አደገኛው ነው። ገንዘብ ለማስከፈል ሲባል በወንጀል አመለክታለሁ ማለት በብዙ አገሮች ራሱ በማስፈራራት ገንዘብ መጠየቅ ተብሎ ሊያስከስስ ይችላል፤ ገንዘቡ በእርግጥ የሚገባ ቢሆን እንኳ። እውነተኛ ወንጀል አለ ብሎ የሚያምን ሰው ለሚመለከተው አካል ያመለክት፤ በክፍያ ደብዳቤ ውስጥ መደራደሪያ አያድርገው። ለደንበኞች እናሳውቃለን ማለትም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ ሕጋዊ ክርክርን ወደ ማዋረድ ይለውጠዋል።

ፖሊስና ደንበኞች ከወጡ በኋላ ቦታውን የሚሞላው ምን ይሁን? ሰዎች ከሚጽፏቸው ውስጥ አራቱን ጎን ለጎን ላስቀምጥ።

«አስፈላጊውን ሁሉ እርምጃ እንወስዳለን።» ትልቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ባዶ ነው። አንባቢው ምን እንደሚመጣበት አያውቅም። ሕጋዊ ያልሆነ ነገር ታስቧል ብሎ ለመተርጎምም የተመቸ ነው።

«ወደ ሕግ ለመሄድ እንገደዳለን።» በአማርኛ የሥራ ደብዳቤዎች እጅግ የተለመደ ነው። ችግሩ «እንገደዳለን» የሚለው ቃል ውስጥ ነው፤ መክሰስ እንደማንፈልግ፣ እንደምንፈራም ይናገራል። እኔ ከመጨረሻ ደብዳቤ አወጣዋለሁ።

«ሚያዝያ 30 ክስ እንመሠርታለን።» ይህ ጥብቅ ነው፤ ተፈጻሚ ከሆነ ኃይለኛ ነው። ነገር ግን ጠበቃ ያልተቀጠረ፣ የዳኝነት ክፍያ ያልታሰበ ከሆነ ግንቦት ላይ ያልተከሰሰው ባለዕዳ ደብዳቤዎቻችን ወረቀት ብቻ መሆናቸውን ይማራል። በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ የግለሰቦችን ዕዳ ለሌላ የሚሰበስቡ ሰዎች ሊወስዱ ያላሰቡትን እርምጃ እንወስዳለን ብለው እንዳያስፈራሩ ይከለክላል። ሕጉ ሁሉን ጉዳይ አይመለከትም፤ ከዚህ ደብዳቤም ጋር ግንኙነት የለውም፤ የቆመበት ሐሳብ ግን ለማንም ይሠራል።

«ክፍያው እስከዚያ ቀን ካልገባ ጉዳዩን ያለ ተጨማሪ ማስታወሻ ወደ ጠበቃ እንመራለን፤ ዕዳውን፣ እንዲሁም ውሉና ሕጉ የሚፈቅዱትን ወለድና ወጪ በፍርድ ቤት የመጠየቅ መብታችን የተጠበቀ ነው።» የምመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱም በሁለት የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ በማግሥቱ ልንፈጽመው የምንችለው ቁርጥ ያለ ተስፋ ነው፤ ፋይሉን ለጠበቃ መስጠት። ሁለተኛው ግማሽ ገና ያልወሰንነውን ነገር እንደ መብት ብቻ ያስቀምጣል። እናደርጋለን የሚለው ለእርግጠኛው፣ መብታችን የተጠበቀ ነው የሚለው ለገና ያልተወሰነው መሆኑን መለየት የደብዳቤው ጥንካሬና ጥንቃቄ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

## 5 በመቶው

በቀን 5 በመቶ ማለት በ20 ቀን ዋናውን ያህል ማለት ነው። በውሉ ውስጥ ከሌለ ማንም ብቻውን ተነሥቶ ሊጥለው አይችልም፤ ደብዳቤውን የሚያነብ ዳኛም ሌላውን ጥያቄያችንን በዚያው ዓይን ሊያየው ይችላል። ውሉ የመዘግየት ወለድ ከጻፈ አንቀጹን ጠቅሶ፣ ስሌቱን አያይዞ መጠየቅ ነው። ውሉ ዝም ካለ የአገሩ ሕግ ምን እንደሚል ማየት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. የ2011 መመሪያ በነጋዴዎች መካከል ለሚዘገይ ክፍያ በሕግ የሚታሰብ ወለድ ደንግጓል። የእኛ ማተሚያ ቤት ውል ስለ ወለድ ምንም አይልም እንበል። ያኔ በዚህ ደብዳቤ ቁጥር ሳይጠቅሱ መብቱን መጠበቅ ይሻላል።

ቀነ ገደቡ ላይ «በአስቸኳይ» ቀን አይደለም፤ «በ14 ቀናት ውስጥ» የሚለውም ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ያከራክራል። የቀን መቁጠሪያ ቀን ይጻፍ፤ ባንክ ክፍት የሚሆንበት መሆኑም ይታይ። ለድርጅት ከ7 እስከ 14 ቀን ብዙውን ጊዜ በቂ ነው። ባለዕዳው ግለሰብ ከሆነ ግን ሕግ ረዘም ያለ ጊዜ ሊያዝ ይችላል፤ በእንግሊዝና ዌልስ ነጋዴ ከግለሰብ ዕዳ ለመጠየቅ ከመክሰሱ በፊት 30 ቀን የመልስ ጊዜ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሥርዓት አለ።

## የታረመው ደብዳቤ

> ሚያዝያ 15
>
> ለማሠልጠኛ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
> ግልባጭ፦ ለሂሳብ ክፍል
>
> ጉዳዩ፦ የመጨረሻ የክፍያ ማስጠንቀቂያ፤ የክፍያ መጠየቂያ ቁጥር 118፣ ቀሪ ሂሳብ 84,000
>
> በመካከላችን ባለው ውል መሠረት 600 የሥልጠና መጻሕፍት ጥር 10 ተረክባችኋል። ከጠቅላላው ዋጋ 120,000 ውስጥ 36,000 በቅድሚያ ተከፍሏል። ቀሪው 84,000 በውሉ መሠረት እስከ የካቲት 10 መከፈል ነበረበት፤ እስከ ዛሬ አልደረሰንም።
>
> ያቀረባችሁትን ቅሬታ ተከትሎ 20 መጻሕፍት ጥር 24 ተለውጠው ተረክባችኋል፤ ከዚያ በኋላ በጽሑፍ የደረሰን ሌላ ቅሬታ የለም። የ30 ቀኑ ጊዜ ከጥር 24 ቢቆጠር እንኳ የመክፈያው ቀን አልፏል። መጋቢት 3 በላካችሁልን ኢሜይልም ክፍያውን እስከ መጋቢት 20 እንደምትፈጽሙ ገልጻችሁልን ነበር።
>
> ስለሆነም 84,000 ሙሉ በሙሉ እስከ ሚያዝያ 29 በክፍያ መጠየቂያው ላይ በተመለከተው የባንክ ሂሳብ እንድታስገቡ እንጠይቃለን። ከዚህ ውስጥ የማትቀበሉት መጠን ካለ፣ መጠኑንና ምክንያቱን እስከዚሁ ቀን በጽሑፍ አሳውቁን።
>
> ክፍያው እስከ ሚያዝያ 29 ካልገባ ጉዳዩን ያለ ተጨማሪ ማስታወሻ ወደ ጠበቃ እንመራለን፤ ዕዳውን፣ እንዲሁም ውሉና ሕጉ የሚፈቅዱትን ወለድና ወጪ በፍርድ ቤት የመጠየቅ መብታችን የተጠበቀ ነው። ክፍያውን ይህ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ፈጽማችሁ ከሆነ የባንክ ማስረጃውን ላኩልን።
>
> አባሪ፦ ውል፣ የክፍያ መጠየቂያ፣ የጥር 10 እና የጥር 24 የርክክብ ሰነዶች፣ የመጋቢት 3 ኢሜይል

«የማትቀበሉት መጠን ካለ» የሚለውን አንዳንድ ሰው እንደ ድክመት ያየዋል። እኔ ግን ደብዳቤው ውስጥ እንዲቆይ የማደርገው ወጥመድ ስለሆነም ጭምር ነው፤ ገዢው ዝም ካለ ዝምታው ኋላ ለእኛ ሊመሰክር ይችላል፣ ከተናገረም ክርክሩ ፍርድ ቤት ሳንደርስ ይታወቃል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ደግሞ የሚያድነን ከኀፍረት ነው። ገንዘቡ ትናንት ገብቶ እኛ ሳናይ ደብዳቤው ቢሄድ ነቃፊ አያገኝም።

አንድ ነገር ሆን ተብሎ ቀርቷል፤ «ግማሹን አሁን ብትከፍሉ ሌላውን እንተወዋለን» ዓይነት ድርድር። እንዲህ ያለ አሳብ ካለ ለብቻው፣ በሌላ ደብዳቤና ጠበቃን አማክሮ ይቅረብ። በመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ውስጥ ከገባ ራሳችን ዕዳው ግማሽ ነው እንዳልን ተደርጎ ሊነበብብን ይችላል።

## ከላክን በኋላ

ኢሜይል ብቻ መላክ፣ በእጅ ማድረስና በአደራ ፖስታ መላክ ቢነጻጸሩ፣ በእጅ አድርሶ በቅጂው ላይ የተቀባይን ስም፣ ፊርማና ቀን ማስፈረም ለማስረጃ የሚያህለው የለም፤ ከዚያው ጋር በኢሜይል መላክ ደግሞ ለፍጥነት። ውሉ ማስጠንቀቂያ የሚላክበትን መንገድ ከወሰነ ግን ምርጫ የለም፤ ያንን መከተል ነው።

ሚያዝያ 27 ላይ 40,000 ቢገባና «ለሂሳቡ መዝጊያ» የሚል ማስታወሻ ቢኖረውስ? ገንዘቡን ዝም ብሎ መቀበል ቀሪውን 44,000 እንደተውን ሊያስቆጥር ስለሚችል በዚያው ቀን «40,000 በከፊል ክፍያነት ተቀብለናል፤ ቀሪው 44,000 እስከ ሚያዝያ 29 ይጠበቃል» ብሎ በጽሑፍ መመለስ ያስፈልጋል። ሚያዝያ 29 አልፎ ምንም ካልመጣ፣ ሁለተኛ «የመጨረሻ» ደብዳቤ አይጻፍም። ሚያዝያ 30 ጠዋት ፋይሉ ወደ ጠበቃው ይሄዳል።